ሃያ እንግዳና ባለ ሁለት ማብሰያ ስቶቭ፦ የፋሲካ ምሳ እንዴት ይሰናዳል?

ለሃያ እንግዳ የፋሲካ ምሳ ሲታሰብ አስቀድሞ መቆጠር ያለበት ምድጃው ነው። ሥጋውን፣ ዶሮውንና ቅቤውን አቅም የፈቀደውን ያህል መግዛት ይቻላል፤ የስቶቩን ቦታና የቀረውን ሰዓት ግን በበዓል ዋዜማ ከየትም መግዛት አይቻልም። ብዙ ቤት ቅዳሜ ማታ የሚጨናነቀው ዶሮው፣ አልጫው፣ እንቁላሉና ጎመኑ በአንድ ጊዜ ስለሚጣዱ ነው።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም የሚኖር አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ይወሰድ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ባለ ሁለት ማብሰያ የኤሌክትሪክ ስቶቭና አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። በረንዳው ላይ ደግሞ አንድ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። እንግዶቹ የሚመጡት እሑድ በሰባት ሰዓት ነው።

በመጀመሪያ የተመጋቢው ቁጥር ይስተካከል። ሃያ እንግዳ ማለት ሃያ አፍ ማለት አይደለም፤ የቤቱ ሰዎች ሲጨመሩ ሃያ አምስት ይሆናል። በዚያ ላይ ቤተሰቡ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጾሙን የሚፈታው ከዚያው ድስት ነው። ስሌቱ የሚፋለሰው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ስለሚወጣው ሁለት ዶሮ ሃያ አራት ብልት ይሆናል፣ ለሃያ እንግዳም ከበቂ በላይ ይመስላል። ሌሊት አምስቱ ከተበሉ ግን የሚቀረው አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ከእንግዶቹ አንዱ ብልት ሳይደርሰው ይቀራል፣ ባለቤቶቹም በባዶ መረቅ ይበላሉ። ስለዚህ ሦስት ዶሮ ያስፈልጋል። ከሠላሳ ስድስቱ ብልት አምስቱ ለሌሊት ሲነሣ ሠላሳ አንድ ይቀራል፤ ለሃያ አምስት ሰው አንድ አንድ ደርሶ ስድስት ይተርፋል። ትርፉ አይበዛም፤ አንገትና ክንፍ ከብልት ቢቆጠሩም ለክቡር እንግዳ ብቻቸውን አይቀርቡም። እንቁላሉም በዚያው ልክ ሠላሳ ይሁን።

ከዶሮው ጋር ምን ይቅረብ? ለልጆችና በርበሬ ለማይስማማቸው አራት ኪሎ አጥንት ያለው የበግ ሥጋ በአልጫ ይሠራል። ሦስት ኪሎ ቀይ ሥጋ ለጥብስ ይቀመጣል። ጎመን፣ አይብና ድፎ ዳቦ ይታከላሉ። ይህ ዝርዝር የተመረጠው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። ወጦቹ ቀድመው ሊሠሩ ይችላሉ፣ አይብ ስቶቭ አይፈልግም፣ ጎመን ቀዝቀዝ ብሎም ይበላል። እንግዳ ከገባ በኋላ የሚጣደው ጥብሱ ብቻ ነው። ክትፎ ወይም ዱለት ከተጨመረ በመጨረሻው ሰዓት የሚሠራው ሁለት ይሆናል፤ ሁለት ማብሰያ ያለው ቤት ደግሞ ይህን አይችልም። አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ይሻላል።

ስቶቩን ከሁሉ በላይ የሚይዘው ሽንኩርት ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት ስለሚያስፈልግ ለሦስቱ ስድስት ኪሎ ይገባል። ለአልጫውና ለጥብሱ ሦስት ኪሎ ሲጨመር፣ በልጣጭ የሚጣለው ታስቦ፣ አሥር ኪሎ ይገዛል። ከሽንኩርት ክብደት አሥር እጅ ተደርጎ ዘጠኙ እጅ ገደማ ውሃ ነው። ቁሌት ማለት ይህን ውሃ አብዛኛውን በእንፋሎት ማስወጣት ነው፤ ከስድስት ኪሎው አራት ሊትር ያህል መትነን አለበት። አንድ ተኩል ኪሎዋት የሚስብ ማብሰያ ሙቀቱ ምንም ሳይባክን ቢሠራ ለዚህ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሙቀቱ በድስቱ ጎንና በአየሩ ስለሚባክን በተግባር ሦስት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ቁሌት በችኮላ የማይሠራበት ምክንያትም ይኸው ነው። እሳቱን ማብዛት ውሃው ሳይወጣ ታቹን ያሳርራል። የሚያፋጥነው ሽንኩርቱን ለሁለት ከፍሎ፣ አፋቸው ሰፋ ባሉ ሁለት ድስቶች፣ በሁለቱም ማብሰያ ላይ መጣድ ነው፤ ያን ጊዜ ሥራው በሁለት ሰዓት አካባቢ ያልቃል።

ሁለቱ ማብሰያዎች ለሁለት ሰዓት ሙሉ ለቁሌት ብቻ የሚሰጡበት ቀን ቅዳሜ ሊሆን አይችልም። የሚመቸው ረቡዕ ማታ ነው። ዓርብ ስቅለት ስለሆነ ቀኑ በቤተ ክርስቲያን፣ በስግደት ያልፋል፤ ሐሙስም ጉልባኑ አለ። ረቡዕን የሚያስመርጥ ሌላም ምክንያት አለ። ቅዳሜ የሚሠራ ዶሮ ቅቤና ሥጋ ስላለበት ጾመኛ ባለሙያ አይቀምሰውም፤ ጨውና በርበሬው የሚለካው በዓይንና በሽታ ብቻ ነው። ረቡዕ በዘይት ብቻ የተቁላላ ቁሌት ግን የጾም ምግብ ነው። የጾም ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ሊቀመስ፣ ሊስተካከልም ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በደቃቁ የተከተፈው ሽንኩርት ያለ ዘይት ይጣዳል፣ እንዳይዝም በየጊዜው ይማሰላል። መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። መብሰሉ በሦስት ነገር ይታወቃል፦ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ይጠፋል፣ ማማሰያው የድስቱን ታች ሲፍቅ የተከፈተው መስመር ውሃ ሳይሞላው ይቆያል፣ ሽንኩርቱም በጣት ሲዳጥ ይልማል። ከዚህ በፊት በርበሬ የተጨመረበት ወጥ በማግስቱ ውሃው ለብቻ፣ ሽንኩርቱ ለብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ መልሶ ማዋሃድ አይቻልም። ሽንኩርቱ ሲደርስ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት፣ ከዚያም ለሦስቱ ዶሮ ስድስት መቶ ወይም ሰባት መቶ ግራም በርበሬ ይገባል። ቃጠሎው እንደየቤቱ በርበሬ ስለሚለያይ መጀመሪያ አነስ ያለው ይጨመር። ትኩስ ውሃ ጠብ እየተደረገ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቁላላል። የበርበሬው ጥሬነት ጉሮሮ መከርከሩን ሲተውና ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ በስሏል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉም በዚሁ ጊዜ ይገባሉ።

ጨው ሲጨመር ሁለት ነገር ይታሰብ። በብዙ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ዶሮውም ቅዳሜ በጨውና በሎሚ ስለሚታሽ የራሱን ጨው ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የረቡዕ ቁሌት ሲቀመስ ጨው የጎደለው መምሰል አለበት። አንድ ጭልፋ ተኩል ያህል ቁሌት ጨው ሳይነካው በሌላ ዕቃ ቢቀመጥ ደግሞ ትልቅ ዋስትና ነው፤ ጥቅሙ ሌሊት ይታያል። የቀረው በትሪ ወይም በዝርግ ዕቃ ተዘርግቶ ሙቀቱ እንደወጣ ወደ ፍሪጅ ይገባል። ትኩሱን ከነድስቱ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አይገባም፤ የትልቅ ድስት መሐል ለሰዓታት ለብ እንዳለ ስለሚቆይ ይበላሻል፣ ጎኑ ያለውንም ምግብ ያሞቃል።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ እንጀራው ነው። ለሃያ እንግዳ በአማካይ ሁለት ተኩል ቢታሰብ ሃምሳ ይሆናል፤ ለቤተሰቡ፣ ለሌሊቱና ለመጠባበቂያ አሥራ አምስት ሲጨመር ስድሳ አምስት። ለዚህ እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ውፍረት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ይበቃል። ሊጡ ረቡዕ ይቦካል፣ ዓርብ ማታ አብሲቱ ይጣላል፣ ቅዳሜ ይጋገራል። ምጣዱ እስኪመለስና እስኪግል የሚያልፈው ጊዜ ሲታሰብ በሰዓት የሚወጣው አሥራ አምስት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ስለሆነ አራት ሰዓት ይፈጃል።

እዚህ ላይ የመብራቱ ጉዳይ ይመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ሁለቱ የስቶቭ ማብሰያዎች አንድ ላይ ሦስት ኪሎዋት ይጨምራሉ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ወደ ሠላሳ አምፔር ስለሚደርስ የብዙ ቤት ቆጣሪ ወይም ብሬከር አይችለውም፤ ገመዱና ሶኬቱም ይግላል። እንግዲህ ምጣድ ሲበራ ስቶቩ ዝም ማለት አለበት። ከዚህም በላይ ቅዳሜ ከረፋድ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር የመብራቱ ኃይል ይወርዳል። ምጣዱ ሳይግል የተጋገረ እንጀራ ዓይን አያወጣም፣ ከምጣዱም ይጣበቃል። በዚህ ምክንያት መጋገሩ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጀምሮ በሦስት ሰዓት ቢያልቅ ይመረጣል። እንጀራው እንዳለቀ፣ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ፣ ከሦስት ኪሎ ዱቄት የተቦካው ድፎ በኮባ ተጠቅልሎ ይገባል፤ እሱ የሚፈልገው ሙቀት ከእንጀራ ያነሰ በመሆኑ ቅደም ተከተሉ ይህ መሆኑ ኃይል ይቆጥባል። አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት ቤት ግን ቢቻል ግማሹን እንጀራ ከሰፈር ጋጋሪ ከሳምንት በፊት ይዘዝ። ለዋዜማ የሚመጣ ትእዛዝ ተቀባይ አያገኝም።

ምጣዱ ሥራውን እየሠራ ሳለ ሌላው ሰው ዶሮ ያርዳል፣ ይበልታል። ዶሮው ውሃው ጥርት እስኪል ይታጠባል፣ በሎሚና በጨው ይታሻል፣ እንደገና ይለቀለቃል። እስከ ስድስት ሰዓት ብልቱም፣ የተከተፈው የአልጫ ሥጋም ተዘጋጅቶ ፍሪጅ ውስጥ መሆን አለበት። ከምሳ በኋላ ስቶቩ ነጻ ይሆናል፤ በመጀመሪያ ጎመኑ ይቀቀላል፣ እንቁላሉም በአሥር ወይም በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀቀልና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል። በዚሁ ሰዓት በረንዳው ላይ ከሰሉ ይያያዛል። አልጫው የሚሠራው በእሱ ነው። የከሰል እሳት አንዴ ከያዘ በኋላ እየቀነሰ ስለሚሄድ ለሁለት ሰዓት በዝግታ ለሚበስል የአጥንት ሥጋ ይስማማዋል፤ እርዱ፣ ቅቤውና ቅመሙ በመጨረሻ ይገባል።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የረቡዕ ቁሌት ከፍሪጅ ወጥቶ ለሁለት ድስት ይከፈላል። ሲሞቅ ሰባት መቶ ወይም ስምንት መቶ ግራም ንጥር ቅቤ ይገባል፣ ጥቂት ቆይቶ ብልቱ ይጨመራል። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፤ የሐበሻ ዶሮ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሲፈልግ የፈረንጁ በግማሽ ሰዓት ወይም በአርባ ደቂቃ ይበስላል። ሁለቱ ዓይነት ተቀላቅሎ በአንድ ድስት ከገባ የፈረንጁ ከአጥንቱ ተለያይቶ መረቅ ውስጥ ይበተናል፣ ብልት ቆጥሮ የማደሉም ነገር ያበቃል። የተለያየ ዓይነት ከተገዛ እያንዳንዱ በራሱ ድስት ይሠራ። የተላጠውና ጎን ጎኑ የተበጣው እንቁላልና መከለሻው እሳቱ ሊወርድ ሲል ይገባሉ። ቁሌቱ ረቡዕ የተሠራ ስለሆነ ሁሉም ነገር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ ባለሙያዋም ዐረፍ ብላ፣ ልብስ ቀይራ ለቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች።

ወጡ ግን ከነድስቱ ምድጃ ላይ አይደር። ለሌሊት የሚበላው በትንሽ ድስት ይለያል። ለእሑድ ምሳ የሚሆነው በሰፋፊ ዕቃ ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ፍሪጅ ይገባል። ሥጋ ያለበት ወጥ ለብ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ከቆየ ጠዋት ቢፈላም አያስተማምንም፤ አንዳንዱ ጀርም ያመረተው መርዝ በፍላት አይጠፋምና።

ከቅዳሴ መልስ፣ ሆዱ በተልባ ወይም በሌላ ለስላሳ ነገር ከተዘጋጀ በኋላ፣ ጾሙ ሲፈታ ወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ይቀመሳል። ይህ ጊዜ ለምሳው ትልቅ ጥቅም አለው፤ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ለማስተካከል በቂ ጊዜ ይቀራልና። ጨው ከጎደለ ጠዋት ሲሞቅ ይጨመራል። ጨው ከበዛ ተለይቶ የተቀመጠው ያልጨመቀ ቁሌት ይገባበታል። ውሃ መጨመር ግን ወጡን ከማቅጠን በቀር ጣዕሙን አይመልሰውም።

የእሑድ ሥራ ከአራት ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ከሰሉ ይያያዛል፣ አልጫው እዚያ ላይ ይሞቃል። ዶሮው በአንደኛው ማብሰያ ላይ፣ አንዱ ድስት ከሌላው ቀጥሎ፣ በዝግታ እስኪፈላ ይሞቃል። ብልቱ እንዳይሰባበር በማማሰያ ከመምታት ይልቅ ድስቱን ይዞ ማወዛወዝ ይሻላል። የሞቀው ድስት በወፍራም ብርድ ልብስ ከተጠቀለለ ለአንድ ሰዓት ያህል ሙቀቱን ይይዛል፤ ሙቀት የሚይዝ የምግብ ዕቃ ያለው ቤት ደግሞ በእሱ ይጠቀማል።

ሁለተኛው ማብሰያ ለጥብሱ ነው። ሦስቱን ኪሎ በአንድ ጊዜ መጥበሻ ላይ መድፋት የተለመደ ስሕተት ነው። የበዛው ሥጋ መጥበሻውን ያቀዘቅዘዋል፣ ያወጣው ውሃ መትነን ስለማይችል ሥጋው በራሱ ውሃ ይቀቀላል፣ ግራጫና ጠጣር ይሆናል። መጥበሻው ሲንጫጫ የነበረው ድምፅ ወደ መንተክተክ ከተለወጠ ይህ እየሆነ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ኪሎ ብቻ ቢገባ በአሥራ ሁለት ወይም በአሥራ አምስት ደቂቃ ይደርሳል። የመጀመሪያው ዙር እንግዶቹ ሲቀመጡ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዶሮ እየተበላ ሳለ ይቀርባል። ጥብስ በየተራ ትኩሱን መምጣቱ ለእንግዳውም ደስ የሚል ነው።

ሃያ አምስቱ ሰው በአምስት ትሪ፣ አምስት አምስት ሆኖ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ትሪ ስድስት ብልትና አምስት እንቁላል ይወጣል፤ አንዲት ብልት ወጥ ቤት ትቀራለች። ጎረቤት ሙስሊም ከተጋበዘ በክርስቲያን የታረደውን ስለማይበላ ምስር ወይም ሽሮ በትንሽ ድስት ቅዳሜ ከሰዓት ይሠራለት፣ እሑድም ሲሞቅ ሥጋ ያልነካው ማማሰያና ሳህን ይመደብለት። ይህ በዕቅዱ ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት አለበት፤ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ለአንድ ድስት ቦታ አይገኝም።

መብራት ቢጠፋስ? ቅዳሜ ንጋት ላይ ከጠፋ የሚጎዳው እንጀራው ነው፤ የጋጋሪዋ ግማሽ ያን ጊዜ ያድናል። ማታ ከጠፋ ከሰሉ መጀመሪያ ዶሮውን ይቀበል፣ አልጫው እሑድ ጠዋት ይሠራ። እሑድ ከጠፋ ደግሞ ከሰሉ ወጦቹን በየተራ ያሞቃል፣ ጥብሱ የመጨረሻው ይሆናል። ለዚህ ሁሉ አንድ ምድጃ ከሚበቃው በላይ፣ ቢያንስ እጥፍ ከሰል፣ ከሐሙስ በፊት መገዛት አለበት።

ምሳው ሲያልቅ ከሰሉ ለቡናው ይተርፋል። ጀበናውን ይዞ ወደ ሳሎን ከመግባት በፊት ግን ከሰሉ ጥቁርነቱ እስኪጠፋ ውጭ ይንደድ፤ ቤት ውስጥ ከገባም በኋላ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ይቆይ። ፍም የሆነ ከሰልም ቢሆን ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ሃያ አምስት ሰው በተቀመጠበት ክፍል ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ምድጃው ወዲያው ይውጣ፣ ሰዉም አየር ወዳለበት ይሂድ። ማታም የተረፈው ፍም በውሃ ሳይጠፋ ማንም ሰው ወደ መኝታ አይግባ።